ከአዲስ አበባ ሰመራ የወረደ ጎማ ለምን 33 አነበበ?

ጥያቄ፦ የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። አጎቴ በፒክአፕ አዲስ አበባና ሰመራ ይመላለሳል። ባለፈው ጠዋት በ15 ዲግሪ ጎማውን 32 ፒኤስአይ አስሞልቶ ወጣ። ሰመራ አድሮ በማግስቱ ቀን ላይ፣ መኪናው ጥላ ውስጥ እንደቆመ፣ በ40 ዲግሪ ሲለካው 33 አነበበ። እኔ በጋዝ ሕግ ሳሰላው በሴልሺየስ 85 መጣልኝ። በኬልቪን 35 ሆነ። መጽሐፉ ላይ ያለውን 14.7 ጨምሬ ስሠራው ደግሞ 36። ሕጉ ለእውነተኛ ጎማ አይሠራም ማለት ነው? ደግሞ አጎቴ ጎማው መንገድ ላይ ሲግል ንፋስ ያስቀንሳል። ልክ ነው?

ምላሽ፦ ሕጉ ይሠራል። 33 ራሱ ሕጉ የሚሰጠው መልስ ነው። ችግሩ ሕጉ ውስጥ ያስገባሃቸው ቁጥሮች ላይ ነው። ሦስቱ መልሶችህ ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ዜሮው ትክክለኛ ቦታው ላይ ያልሆነ መለኪያ ይዘህ ማባዛትና ማካፈል ውስጥ ገብተሃል። አጎትህ የሚያደርገው ነገር ግን ልክ አይደለም። ወደ እሱ በኋላ እመጣለሁ።

ከሕጉ እንጀምር። PV = nRT የሚለው ቀመር አራት የሚለዋወጡ ነገሮችን ያያይዛል። እነሱም ግፊት፣ ይዘት፣ የጋዙ መጠን በሞል እና ሙቀት ናቸው። ሁኔታ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ከነዚህ ውስጥ ያልተለወጠው የቱ ነው?" የሚለው ነው። የአጎትህ ጎማ ንፋስ አልጨመረም፣ አላፈሰሰም። ስለዚህ n ያው ነው። ጎማው በሽቦ የተጠናከረ ስለሆነ ብዙ አይለጠጥም፤ V ም ያው ነው ማለት እንችላለን። የቀረው ይሄ ነው፦

```
P1 / T1 = P2 / T2
```

እስከዚህ አንተም ትክክል ነበርክ። ይህ ቀመር የሚናገረው ግን ስለ እጥፍ ነው። ሙቀቱ እጥፍ ከሆነ ግፊቱም እጥፍ ይሆናል ይላል። "እጥፍ" የሚለው ነገር ትርጉም የሚኖረው ደግሞ መለኪያው ከእውነተኛ ዜሮ ሲጀምር ብቻ ነው። የሁለት ልጆችን ቁመት ስትለካ ሜትሩን ከመሬት ሳይሆን ከጠረጴዛ ጫፍ ብታስጀምረው፣ ማን በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚበልጥ በትክክል ታውቃለህ። አንዱ የሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ ግን ማወቅ አትችልም። ሴልሺየስም፣ የጎማ ጌጅም እንደዚያ ከመሃል የሚጀምሩ መለኪያዎች ናቸው።

ሴልሺየስን እንየው። ዜሮው ውሃ የሚረጋበት ነጥብ ነው። ጎማ ውስጥ ያለው አየር ውሃ መቼ እንደሚረጋ ደንታ የለውም። በሴልሺየስ ስታሰላ 15 ወደ 40 ሲሄድ ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ የጨመረ መሰለህ፤ 85 የመጣው ከዚያ ነው። ስህተቱን ለማጋለጥ መነሻውን 1 ዲግሪ አድርገህ ሞክረው። ጎማው 40 እጥፍ ግፊት ይኖረዋል ማለት ነው። መነሻው 0 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ለዜሮ ልታካፍል ነው። በኬልቪን ግን 15 ዲግሪ 288 ነው፣ 40 ዲግሪ 313 ነው። ጭማሪው ከመቶ 9 እንኳን አይሞላም። ሰመራ ለእኛ እሳት ትሁን እንጂ ለጋዙ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪዎችን የሚጥል ሌላ ወጥመድ አለ። "ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ጨመረ" ሲባል 25 ላይ 273 ደምረው 298 የሚሉ አሉ። ልዩነት ላይ ምንም አይደመርም። የ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ 25 ኬልቪን ጭማሪ ነው። 273 የሚደመረው ቴርሞሜትር ላይ በተነበበ ሙቀት ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ሙቀቶች ለየብቻ ወደ ኬልቪን ቀይራቸው፣ ከዚያ አካፍል።

አሁን ወደ ግፊቱ። በኬልቪን ስታሰላ 35 ያገኘኸው 32ን ቀጥታ በ313 አባዝተህ ለ288 ስላካፈልክ ነው። ብዙ ሰው ሙቀቱን ካስተካከለ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ግን 32 የጎማው ውስጥ ግፊት አይደለም። ጌጁ የሚያነበው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ቀዳዳ ሆኖ የተኛ ጎማ ላይ ጌጅ ብታስገባ ዜሮ ያነባል። ታዲያ ውስጡ ባዶ ነው? አይደለም። ውጭ ያለው አየር ራሱ ውስጡ አለ፤ ከሙሉ የከባቢ አየር ግፊቱ ጋር። ስለዚህ የጌጅ ዜሮም እንደ ሴልሺየስ ዜሮ ለአመቺነት የተመረጠ ነጥብ ነው። ሕጉ የሚፈልገው ከባዶ ጀምሮ የሚለካውን፣ ፍጹም ግፊት የሚባለውን ነው። እሱን ለማግኘት የጌጁ ንባብ ላይ የውጭውን አየር ግፊት ትደምራለህ። መልሱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ጌጁ ምን እንደሚያነብ ለማወቅ የውጭውን መልሰህ ትቀንሳለህ።

ይህን ሦስተኛው ሙከራህ ላይ አድርገኸዋል። 14.7 ደመርክ፣ መጨረሻ ላይም 14.7 ቀነስክ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ግን የአዲስ አበባም የሰመራም አይደለም። 14.7 ፒኤስአይ፣ በሌላ አነጋገር 101 ኪሎ ፓስካል፣ የባሕር ጠለል ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ነው። ሰመራ ዝቅ ብላ 430 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ወደ 96 ኪሎ ፓስካል ትደርሳለች። መጽሐፉ አልዋሸህም። የጻፈው ሰው ባሕር ዳርቻ የቆመ ጎማ እያሰበ ነው።

የውጭውን ግፊት ከስልክህ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ልትወስድ ካሰብክ ተጠንቀቅ። እዚያ ላይ የአዲስ አበባ ግፊት ከ1,000 ሄክቶ ፓስካል በላይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ያ እውነተኛው ግፊት አይደለም። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች የተለያየ ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ለማወዳደር ሁሉንም ወደ ባሕር ጠለል ቀይረው ነው የሚያቀርቡት። አዲስ አበባ ላይ ያለው እውነተኛ ንባብ 770 ሄክቶ ፓስካል ገደማ ነው። ስልክህ ውስጡ ባሮሜትር ካለው የሴንሰሩን ቀጥተኛ ንባብ የሚያሳይ መተግበሪያ ይህንኑ ይሰጥሃል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንሥራው። 32 ፒኤስአይን በ6.895 ስታባዛ 221 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። የአዲስ አበባን 77 ስትደምር ፍጹም ግፊቱ 298 ነው። ከዚያ፦

```
P2 = 298 × 313 / 288 = 324
324 - 96 = 228
228 / 6.895 = 33
```

የአጎትህ ጌጅ ያነበበው ይሄንኑ ነው። ውስጥ የሆነውን ልብ በለው። ሙቀቱ የጎማውን ግፊት በ26 ኪሎ ፓስካል ከፍ አደረገው። ቁልቁል መውረዱ ግን የውጭውን አየር በ19 አከበደው። ጌጁ የሚያየው ልዩነቱን ብቻ ስለሆነ ከ26ቱ ውስጥ 7 ብቻ ቀረለት። ሰመራ በሆነ ተአምር 15 ዲግሪ ብትሆን ኖሮ ያው ጎማ 29 ፒኤስአይ ገደማ ነበር የሚያነበው፤ አንድ ትንፋሽ እንኳን ሳያፈስ። ቆላ ወርደው "ጎማዬ አፈሰሰ" የሚሉ ሰዎች ሁሉ አፍስሶባቸው አይደለም።

ግን አንድ 33 አይተህ ስሌቱ ተረጋገጠ ብለህ አትዝለል። ርካሽ ጌጅ አንድ ሁለት ፒኤስአይ ቢያዛባ የሚገርም አይደለም። በ33 እና በ35 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ያንኑ ያህል ነው። ለመፈተን ከፈለግክ አዲስ አበባም ሰመራም የምትለካው በአንድ ጌጅ ይሁን። ጌጁ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን የሚያዛባ ከሆነ ለውጡን በደንብ ያሳይሃል። ጎማው ፀሐይ ላይ ከነበረም የአየሩን 40 ዲግሪ አትውሰድ፤ ፀሐይ የመታው ጥቁር ጎማ ከአየሩ በጣም ይሞቃል። አጎትህ ጥላ ውስጥ መለካቱ ጥሩ ነው።

ስለ አሃዶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈተና ላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። P1 / T1 = P2 / T2 ላይ ግፊቱ በፒኤስአይ ሆነ፣ በባር ሆነ፣ በኪሎ ፓስካል ለውጥ የለውም፤ ዜሮው ትክክል ይሁን እንጂ በሁለቱም ወገን አሃዱ ይሰረዛል። R ያለበት ቀመር ላይ ግን አይሰረዝም። 8.314 የሚባለው R ከፓስካልና ከሜትር ኩብ ጋር ነው የሚሄደው። 0.0821 ደግሞ ከአትሞስፌርና ከሊትር ጋር። ጎማው 50 ሊትር ይይዛል እንበልና አዲስ አበባ ላይ ስንት ሞል አየር እንደነበረው እናስላ። 298,000 ፓስካልን በ0.050 ሜትር ኩብ አባዝተህ፣ በ8.314 እና በ288 ስታካፍል 6.2 ሞል ይመጣል። በክብደት 180 ግራም ገደማ ነው። ኪሎ ፓስካሉን ወደ ፓስካል ሳትቀይር ሊትሩን ብቻ ወደ ሜትር ኩብ ብትቀይር 0.18 ግራም ይመጣልሃል። ፒክአፕ የተሸከመ ጎማ ውስጥ ያን ያህል ትንሽ አየር ሊኖር አይችልም። መልሱን ወደ ግራም ቀይሮ "ይህ ነገር ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ ቀመሩን ደግሞ ከማየት ይፈጥናል።

ወደ አጎትህ ልምድ። ጎማ ሲሄድ እየታጠፈና እየተዘረጋ ራሱን ያሞቃል። ከመንገዱ ሙቀት ጋር ተደምሮ በአፋር ቀጥታ አስፋልት ላይ የውስጡ አየር 65 ዲግሪ ደረሰ እንበል፤ በኬልቪን 338 ነው። ሰመራ እንደደረሰ ወዲያው ቢለካ በዚያው ስሌት 37 ፒኤስአይ ገደማ ያነባል። ጎሚስታው ጋ ሄዶ "ጨምሯል፣ 32 አድርግልኝ" ይላል። አሁን ታሪኩ ተቀየረ፤ ንፋስ ስለወጣ n ያው አይደለም። ከማስተንፈሱ በፊት የነበረውን ቁጥር ከኋላ ካለው ጋር በ P1 / T1 = P2 / T2 ማያያዝ አይቻልም። አዲስ መነሻ መያዝ አለብህ።

አዲሱ መነሻ ይሄ ነው። የጌጁ 221 እና የሰመራ 96 ሲደመር 317 ኪሎ ፓስካል፣ በ338 ኬልቪን። ከማስተንፈሱ በፊት በዚያው ሙቀት 350 ነበር። ስለዚህ ከመቶ 9 ያህል አየሩ ወጥቷል። ጎማው አድሮ ጠዋት 28 ዲግሪ ላይ ሲቀዘቅዝ፦

```
317 × 301 / 338 = 282
282 - 96 = 186
186 / 6.895 = 27
```

አጎትህ 32 ነው ብሎ የሚያስበው ጎማ ጠዋት 27 ነው። በማግስቱ አዲስ አበባ ተመልሶ 15 ዲግሪ ላይ ቢለካው ደግሞ 28 ያነባል። ንፋስ ያነሰው ጎማ የበለጠ ይታጠፋል። የበለጠ ሲታጠፍ የበለጠ ይሞቃል። ሲሞቅ አጎትህ እንደገና ያስተነፍሰዋል። ጭነት ያለው ፒክአፕ በዚህ ዓይነት ሲመላለስ ጎማው ከጎኑ ይደክምና በሙቀት ይፈነዳል። ብዙ ሾፌር የሚያስተነፍሰው እንዳይፈነዳ ብሎ ነው፤ የሚያስፈነዳውን ነገር እያደረገ። ሲሄድ የሚታየው ጭማሪ የሚጠበቅ ነው። የመኪናው አምራች ቁጥሩን ሲያወጣ አስቦበታል፤ በር ሥር የተለጠፈው ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ይሄ ነው። አጎትህ የጋለ ጎማ በፍጹም አያስተንፍስ። ሰመራ ሲያድር ጠዋት፣ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ፣ ፀሐይ ሳይመታው ይለካ። በር ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጎድሎ ካገኘው ይሙላ። ጭነት ሲኖር የኋላው ጎማ ቁጥር ይለያል፤ እሱም እዚያው ተጽፏል። የከፍታውን ሒሳብ እሱ መሥራት አያስፈልገውም። ጭነት የሚሸከመው የውስጡና የውጭው ልዩነት ነው፤ ጌጁም የሚለካው ልዩነቱን ነው። ስለዚህ የትም ቦታ ቢሆን ጎማው ቀዝቅዞ ጌጁ የተለጠፈውን ቁጥር ካነበበ በቂ ነው። ሒሳቡ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ የሞላኸው ጎማ ሌላ ቦታ ስንት እንደሚያነብ ቀድመህ ማወቅ ስትፈልግ ነው። ለምሳሌ አጎትህ አዲስ አበባ 32 አስሞልቶ ሰመራ ቢያድርና ጠዋት 28 ዲግሪ ላይ 31 አንብቦ ቢደናገጥ፣ ቀዳዳ ከመፈለጉ በፊት ስሌቱን ሥራለት።

ናይትሮጅን ይሻላል የሚል ሰው ካጋጠመህ፣ ከሙቀት ጋር ያለው ለውጥ ያው ነው። ተራው አየርም ከአምስት አራት እጅ የሚጠጋው ናይትሮጅን ነው፤ ሕጉም የጋዙን ስም አይጠይቅም። ጥቅሙ ደረቅ መሆኑ ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ ውሃ የሚተፋ ከሆነ ያ ውሃ ጎማው ሲግል ይተንና n ይጨምራል፤ ግፊቱም ካሰላኸው በላይ ይወጣል።

ሕጉ ራሱ የት ድረስ እንደሚያገለግል ጠይቀሃል። ጎማ ውስጥ ባለው ሦስት አትሞስፌር ገደማ እና በእነዚህ ሙቀቶች አየር ከአይዲያል ጋዝ የሚያፈነግጠው ከመቶ አንድ በታች ነው። የጎማው መለጠጥም ትንሽ ነው፤ ሁለቱም ከጌጅህ ስህተት ያንሳሉ። ይህንኑ ስሌት ወደ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ግን አትውሰደው። እዚያ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ጋዝ ስትጠቀም ፈሳሹ እየተነነ ይተካዋል፤ n ያው አይሆንም፣ ግፊቱም የሚወሰነው በፈሳሹና በሙቀቱ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆንም፣ ሩብ ሲቀረውም፣ ሙቀቱ ያው ከሆነ ጌጁ አንድ ዓይነት ያነባል። ምን ያህል እንደቀረህ ማወቅ ከፈለግክ መዝነው።